የበረዶ ነጥብ መውረድ፦ ጨው ወተቱን እንዴት አይስክሬም ያደርገዋል?

መቅለጥ በጀመረ በረዶ የተሞላ ባልዲ ውስጥ፣ ስኳር የገባበት ወተት የያዘ የብረት ጣሳ ብትቀብሩ አይስክሬም አታገኙም። በረዶው ሲያልቅ እየተካችሁ ሌሊቱን ሙሉ ብትጠብቁም ያው ነው፤ ወተቱ እጅግ ይቀዘቅዛል እንጂ አይጠጥርም። በዚያው በረዶ ላይ ጥቂት እፍኝ ጨው ብትበትኑ ግን ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃል።

ከዚህ ጀርባ ያለውን ነገር ኬሚስቶች «ፍሪዚንግ ፖይንት ዲፕሬሽን» ይሉታል። እዚህ «የበረዶ ነጥብ መውረድ» ብዬዋለሁ። «የመርጋት ነጥብ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ወተት ረጋ ሲባል ሁላችንም የምናስበው እርጎን ስለሆነ ለዚህ ጉዳይ አልመረጥኩትም። የበረዶ ነጥብ ማለት አንድ ፈሳሽ በረዶ መሆን የሚጀምርበት የሙቀት መጠን ነው። የንጹሕ ውኃ 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ውኃው ውስጥ ሌላ ነገር ሲሟሟበት ይህ ነጥብ ከ0 በታች ይወርዳል።

ለምን ይወርዳል? በ0 ዲግሪ ላይ ያለ በረዶ ገጽ ላይ ስስ የውኃ ሽፋን አለ። ከበረዶው እየተላቀቁ ወደ ውኃው የሚገቡ ሞሌኪውሎች አሉ፤ ከውኃው ተነሥተው በረዶው ላይ የሚለጠፉም አሉ። ሁለቱ እኩል እስከሆኑ ድረስ በረዶው አይጨምርም፣ አይቀንስም። ጨው ሲነሰነስ በዚያ ሽፋን ውስጥ ይሟሟና ወደ ሶዲየምና ክሎራይድ ቅንጣቶች ይለያያል። እነዚህ ቅንጣቶች በውኃው ውስጥ ቦታ ይይዛሉ እንጂ በበረዶው ውስጥ ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ወደ በረዶው የሚመለሱት የውኃ ሞሌኪውሎች ይቀንሳሉ፤ የሚላቀቁት ግን እንደ ቀድሞው ይላቀቃሉ። ሚዛኑ ይዛባና በረዶው ይቀልጣል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ በረዶው እየቀለጠ ሳለ እንዴት የበለጠ ይቀዘቅዛል? በረዶ ለመቅለጥ ሙቀት ይፈልጋል፤ የሚፈልገውም ብዙ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ለማቅለጥ የሚያስፈልገው ሙቀት ያንኑ 1 ኪሎ ውኃ ከ0 እስከ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ይበቃል። ጨው በረዶውን እንዲቀልጥ ሲያስገድደው ማንም ከሥር እሳት አላነደደለትም። ስለዚህ ሙቀቱን ከራሱ፣ ከጨዋማው ውኃና ከጣሳው ይወስዳል። የሁሉም ሙቀት እየወረደ ይሄዳል፤ የሚቆመውም የሚላቀቁትና የሚመለሱት ሞሌኪውሎች እንደገና እኩል ሲሆኑ ነው። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። በብረት ኩባያ በረዶ ብቻ ስታስቀምጡ ውጭው ጤዛ ያዝላል። ጨው ጨምራችሁ ካማሰላችሁ በኋላ ግን ያ ጤዛ ነጭ ሆኖ ከብረቱ ላይ ይጣበቃል፤ በጥፍር ይፋቃል። ኩባያው ከ0 በታች መውረዱን በዚህ ታውቃላችሁ።

ነጥቡ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የሟሟው ነገር ዓይነት ሳይሆን የቅንጣቶቹ ብዛት ነው። 1 ኪሎ ውኃ ውስጥ 100 ግራም ጨው ቢሟሟ የበረዶ ነጥቡ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። 100 ግራም ስኳር ግን የሚያወርደው ግማሽ ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ የስኳር ሞሌኪውል ከባድ ስለሆነ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ቁጥር ጥቂት ነው፣ እንደ ጨውም ለሁለት አይከፈልም። ጨው ግን ማለቂያ የለሽ ኃይል የለውም። በክብደት 1 እጅ ጨው ለ3 እጅ በረዶ ከሆነ በኋላ የሚጨመረው ሳይሟሟ ከታች ይቀመጣል፤ ቅዝቃዜውም ከ0 በታች 21 ዲግሪ ላይ ያበቃል።

ስኳርን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በባልዲው ውስጥ ጨው የሚሠራውን ሥራ በጣሳው ውስጥ ስኳር ይሠራል። ወተት ራሱ በውስጡ ባለው የወተት ስኳርና ማዕድን የተነሣ በረዶ መሆን የሚጀምረው ከ0 በታች ግማሽ ዲግሪ ላይ ነው። (ይህ ቁጥር እምብዛም ስለማይለዋወጥ የወተት ማቀነባበሪያዎች ወተት ላይ ውኃ መጨመሩን የሚመረምሩበት አንዱ መንገድ ነው፤ ውኃ የገባበት ወተት ወደ 0 ይጠጋል።) ስኳር ሲጨመርበት ነጥቡ የበለጠ ይወርዳል። በ0 ዲግሪ የቆመ በረዶ አይስክሬም የማይሠራው ለዚህ ነው።

አንድ ምሳሌ እናስላ። 250 ሚሊ ሊትር ሙሉ ወተት፣ 125 ሚሊ ሊትር ክሬምና 50 ግራም ስኳር ቀላቅለን ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘናል እንበል። በውስጡ 300 ግራም ያህል ውኃ አለ፤ በረዶ መሆን የሚጀምረውም ከ0 በታች 1 ዲግሪ ተኩል አካባቢ ነው። ነገር ግን በረዶ የሚሆነው ውኃው ብቻ ነው፤ ስኳሩ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። ግማሹ ውኃ በረዶ ሲሆን የቀረው በእጥፍ ጣፋጭ ይሆንና ነጥቡ ከ0 በታች ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ሦስት አራተኛው በረዶ እንዲሆን ከ0 በታች 6 ዲግሪ ያህል መውረድ ያስፈልጋል። አይስክሬም እንደ ድንጋይ ሳይደርቅ በማንኪያ የሚዛቀው ይህ በረዶ ያልሆነ ጣፋጭ ፈሳሽ በበረዶ ቅንጣቶቹ መካከል ስለሚቀር ነው።

ለዚህ መጠን 1 ኪሎ ተኩል የተፈረካከሰ በረዶና 300 ግራም ጨው ይበቃል። ወተቱን ለማጠጠር ብቻ የሚቀልጠው ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፤ የቀረው ከክፍሉ የሚገባውን ሙቀት ይመክታል። ጣሳው ብረት፣ ባልዲው ፕላስቲክ ወይም እንጨት ይሁን፤ ሙቀት ከወተቱ በቀላሉ እንዲወጣ እንጂ ከክፍሉ እንዲገባ አንፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1843 ናንሲ ጆንሰን የተባለች አሜሪካዊት የፈጠራ መብት ያወጣችበት በእጅ የሚዞር የአይስክሬም ማሽንም በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው። በረዶና ጨው በየተራ ይደረደራሉ። ሻካራ፣ ያልተፈጨ ጨው ይሻላል፤ ደቃቁ ቶሎ ሟሙቶ ወደ ታች ይወርዳል።

ጣሳው ክዳኑ ጠብቆ ያለማቋረጥ ይዞር፤ በየጥቂት ደቂቃውም ተከፍቶ ግድግዳው ላይ የያዘው በማንኪያ ይፋቅ። ካልተፋቀ ዳሩ ደርቆ መሃሉ ፈሳሽ ይሆናል፤ የበረዶ ቅንጣቶቹም አድገው ምላስ ላይ እንደ አሸዋ ይሻክራሉ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ካልጠጠረ መጀመሪያ ባልዲውን ተመልከቱ። ውኃ ብቻ ከቀረ በረዶውም ጨውም ይጨመር። በረዶው ብዙ ሆኖ፣ ከባልዲው በብረት ኩባያ ሲቀዳ የኩባያው ጤዛ ነጭ ካልሆነ ጨው አንሶታል። ባልዲው ደህና ሆኖ ወተቱ ብቻ እንቢ ካለ ስኳሩ በዝቷል። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ጨዋማውን ውኃ ከዳር ዳሩ ጥረጉ፤ ጠብታ ከገባ ጣዕሙ ይበላሻል። ባዶ እጅም ወደ ባልዲው አይግባ፤ ከ0 በታች 10 ዲግሪና ከዚያ በላይ የወረደ ጨዋማ ውኃ ቆዳን ይጎዳል።