የቀሪ ማስታወሻ (በጣሊያንኛ)

በጣሊያንኛ «ጁስቲፊካትሲዮኔ» ይባላል፤ ልጁ ከትምህርት ሲቀር ወላጅ ለመምህሩ የሚጽፈው ነው። ልጁን አዲስ አበባ በሚገኘው የጣሊያን ትምህርት ቤት ወይም ጣሊያን አገር ለሚያስተምር ወላጅ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፦ «ጄንቲሌ ማኤስትራ፣ ሚያ ፊሊያ ኤ ስታታ አሴንቴ ኢል 15 ኦቶብሬ ፔር ፌብሬ። ፖትሬቤ ኢንዲካርሚ ኢ ኮምፒቲ?» ይኸውም «የተከበሩ መምህርት፣ ልጄ በትኩሳት ምክንያት ጥቅምት 5 ቀርታለች፤ የቤት ሥራዋን ሊነግሩኝ ይችላሉ?» ማለት ነው። ለወንድ ልጅ «ሚዮ ፊሊዮ ኤ ስታቶ» ይሆናል። «ፖትሬቤ» የአንቱታ ነው፤ «ፕዎይ» ብሎ መጻፍ መምህርቷን አንቺ ማለት ስለሆነ ሊያስቀይም ይችላል። ብዙ የሚያሳስተው ግን ቀኑ ነው፦ ጥቅምት 5 ቀን 2017 በጣሊያኖች አቆጣጠር ኦክቶበር 15 ቀን 2024 ነው፤ የእኛው ቀን ሳይለወጥ ከተጻፈ ከመምህሩ የቀሪ መዝገብ ጋር አይገጥምም።