አቅራቢ ውሉን ሲያፈርስ፤ ከሎትስ ሮድ ተርባይኖች እስከ ኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ

በለንደን ከተማ፣ ቼልሲ በተባለው ሰፈር፣ በቴምዝ ወንዝ ዳር የተሠራው የሎትስ ሮድ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1905 ሥራውን ጀመረ። የተቋቋመውም ከመሬት በታች ለሚመላለሱት የከተማይቱ ባቡሮች ኃይል እንዲሰጥ ነበር። ለዚሁ ጣቢያ የሚያስፈልጉትን የእንፋሎት ተርባይኖች ለማቅረብ የተዋዋለው ብሪቲሽ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ ሲሆን፣ ገዢው ደግሞ የለንደን የምድር ውስጥ ኤሌክትሪክ ባቡር ኩባንያ ነበር። በውሉ ውስጥ መሣሪያዎቹ የሚሰጡት ኃይልና የሚፈጁት የእንፋሎት መጠን በግልጽ ተወስኖ ነበር። ይሁን እንጂ ተርባይኖቹ በሥራ ላይ በዋሉ ጊዜ የተባለውን ኃይል ሳይሰጡ፣ ከተባለውም በላይ እንፋሎት የሚፈጁ ሆነው ተገኙ። ብዙ እንፋሎት ማለት ብዙ የድንጋይ ከሰል ማለት ስለሆነ፣ የባቡሩ ኩባንያ በየቀኑ ያለ አግባብ ወጪ ያወጣ ጀመር።

ገዢው መሣሪያዎቹን አልመለሰም፤ ኪሣራ የመጠየቅ መብቱን ጠብቆ ለጥቂት ዓመታት ሠራባቸው። በኋላ ግን ነቅሎ አወጣቸውና በምትካቸው ፓርሰንስ የተባሉትን ተርባይኖች በ78,186 ፓውንድ ወጪ አስተከለ። አቅራቢው የቀረውን ዋጋ ቢጠይቅ፣ የባቡሩ ኩባንያ በበኩሉ የኪሣራ ጥያቄ አቀረበ። ከዚህ ክርክር የተወለደው፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የተሰጠው ፍርድ፣ ሻጭ ውሉን ባፈረሰ ጊዜ ገዢው የሚገባው ምን ያህል እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ የሚጠቀስ ነው።

የተስፋው ዋጋ

የእንግሊዝ ዳኞች የኪሣራን መለኪያ የወሰኑት ከዚያ ቀደም ብሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1848 በሮቢንሰንና በሃርማን መካከል በነበረው ክርክር፣ ተከሳሹ ሙሉ መብት የሌለውን ቤት ለረጅም ዘመን አከራያለሁ ብሎ ተዋውሎ ነበር። ዳኛው ባሮን ፓርክ ያኖሩት ደንብ፣ የተበደለው ተዋዋይ በገንዘብ ሊደረግ በሚቻለው መጠን፣ ውሉ ተፈጽሞለት ቢሆን ኖሮ ይሆን በነበረው ሁኔታ ላይ እንዲቆም የሚያደርግ ነው። እንግዲህ መለኪያው ተበዳዩ ያወጣውን ገንዘብ መመለስ ብቻ አይደለም፤ ከውሉ ይጠብቀው የነበረውን ጥቅም ጭምር ማስገኘት ነው። ሆኖም ተበዳዩን ውሉ ቢፈጸም ከሚያገኘው በላይ ባለጸጋ ማድረግም አይደለም። ይህ ሁለተኛው ገጽ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ የሎትስ ሮድ ክርክር የተመሠረተውም በዚሁ ላይ ነበር።

የባቡሩ ኩባንያ ጥያቄውን በሁለት መንገድ አቀረበ። በአንደኛው፣ ጉድለት ያለባቸው ተርባይኖች በዕድሜያቸው ሙሉ ያለ አግባብ ይፈጁት የነበረው የከሰል ዋጋ ይከፈለኝ አለ። በአማራጭ ደግሞ፣ እስከ ተነቀሉበት ቀን ድረስ የባከነው የከሰል ዋጋና የአዲሶቹ ተርባይኖች ወጪ ይከፈለኝ አለ። የግልግል ዳኛው ጉዳዩን መርምሮ ሁለት ፍሬ ነገሮችን አረጋገጠ። የመጀመሪያው፣ አዲሶቹን ተርባይኖች መግዛት አስተዋይ ነጋዴ የሚያደርገው፣ ጉዳቱንም የቀነሰ ተግባር መሆኑ ነው። ሁለተኛው ግን አስቸጋሪ ነበር። የፓርሰንስ ተርባይኖች እጅግ የተሻሉ ስለነበሩ፣ ዌስቲንግሃውስ በውሉ መሠረት እንከን የሌላቸውን መሣሪያዎች አቅርቦ ቢሆን እንኳ፣ ኩባንያው እነዚያን በገዛ ገንዘቡ ነቅሎ አዲሶቹን ቢተክል ይጠቀም ነበር።

የመጀመሪያው ፍርድ ቤትና የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት 78,186 ፓውንዱ ለገዢው ይገባዋል አሉ። ተበዳዩ በብልሃቱ ያገኘው ትርፍ በዳዩን ሊጠቅም አይገባም የሚለው ስሜት በጎናቸው ነበር። ጉዳዩ የመጨረሻው የይግባኝ ችሎት ወደነበረው ወደ ጌቶች ምክር ቤት በደረሰ ጊዜ ግን ሎርድ ቻንስለር ሃልዴን ሌላ መንገድ ያዙ። እንደ እሳቸው አተያይ መነሻው ውሉ ቢፈጸም ይገኝ የነበረውን ጥቅም መስጠት ነው፤ ይህንንም የሚገድበው ሁለተኛ ደንብ ተበዳዩ ጉዳቱን ለመቀነስ ተገቢውን እርምጃ መውሰድ ያለበት መሆኑ ነው። ተበዳዩ እርምጃውን ወስዶ ጉዳቱን በእርግጥ ከቀነሰ፣ የሚካሰው በቀረው ጉዳት ልክ ነው። አዲሶቹ ተርባይኖች ያዳኑት ገንዘብ ከተገዙበት ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ፣ በግዢው ምክንያት የደረሰ ጉዳት የለም። ስለዚህ የሥር ፍርድ ቤቶች ውሳኔ ተሻረ። እስከ መንቀያው ቀን የባከነው ከሰል ግን ከዚህ የተለየ ጉዳት ስለሆነ ሊጠየቅ የሚገባው ነበር።

ይህ ደንብ ወሰን አለው። ለተበዳዩ የመጣ ጥቅም ሁሉ ከኪሣራው አይቀነስም። እ.ኤ.አ. በ1874 በባቡር አደጋ የተጎዳ አንድ መንገደኛ ከመድን ያገኘው ገንዘብ ከካሣው እንዳይቀነስ ተፈርዶለት ነበር፤ ገንዘቡ የመጣው አስቀድሞ ራሱ ከገዛው የመድን ውል እንጂ ከአደጋው ስላልሆነ ነው። ለሎትስ ሮድ የተደረገው ግዢ ግን ከውሉ መፍረስ የተነሣና በተለመደው የንግድ ሥራ አካሄድ የተደረገ ስለሆነ ከሂሳቡ አልወጣም። ጠበቃ መጠየቅ ያለበት እንግዲህ ይህ ነው፤ ጥቅሙ የመጣው ከውሉ መፍረስ ነው ወይስ ከሌላ ምንጭ?

ጉዳትን የመቀነስ ግዴታ

ይህ ግዴታ ተብሎ ቢጠራም፣ ተበዳዩ ባይፈጽመው ማንም አይከሰውም፤ ሊያስቀረው ይችል የነበረውን ጉዳት ማስከፈል ያቅተዋል እንጂ። እንዳልፈጸመ የማስረዳት ሸክሙም ውሉን ባፈረሰው ወገን ላይ ነው። ዳኛም ነገሩን የሚመዝነው ከዓመታት በኋላ በተገለጠው ውጤት ሳይሆን፣ ተበዳዩ በዚያን ጊዜ በነበረው ዕውቀት ነው። በቅን ልቡናና በማስተዋል ተሞክሮ ያልተሳካ እርምጃ ያስወጣው ገንዘብም ይከፈላል።

ደንቡ እስከ ምን እንደሚደርስ እ.ኤ.አ. በ1919 በፔይዙ ኩባንያና በሳንደርስ መካከል በነበረው ክርክር ታየ። ሻጯ የሐር ጨርቅ በየጊዜው ልታቀርብ፣ ገዢውም በዱቤ ሊከፍል ተዋዋሉ። ገዢው የመጀመሪያውን ክፍያ በማዘግየቱ፣ ሻጯ ከእንግዲህ በእጅ በእጅ ካልከፈልክ አልሰጥም አለች። አንድ ክፍያ መዘግየቱ ውሉን ለማፍረስ በቂ ምክንያት ስላልነበረ ጥፋቱ የሻጯ ሆነ። ገዢው ግን በቀድሞው ዋጋ እንዲገዛ የቀረበለትን ሐሳብ አልቀበልም ብሎ፣ የሐር ዋጋ ካደገ በኋላ ልዩነቱን ጠየቀ። ፍርድ ቤቱ፣ በንግድ ነገር ውሉን ካፈረሰው ሰው የመጣ ሐሳብም ቢሆን ተገቢ ከሆነ መቀበል ይገባል ሲል ወሰነ። ገዢው ያገኘውም የዋጋውን ልዩነት ሳይሆን፣ የዱቤውን ጊዜ በማጣቱ የደረሰበትን ጉዳት ብቻ ነበር። ቁጣ የንግድ ሂሳብ አይሆንም ማለት ነው።

ገንዘብ ምትክ በማይገዛበት ጊዜ

ይህ ሁሉ የቆመው ገዢው ገንዘቡን ይዞ ወደ ገበያ ቢሄድ ያንኑ ዕቃ ያገኛል በሚል ግምት ላይ ነው። የእንግሊዝ ፍርድ ቤቶች በገበያ የሚገኝ ተራ ዕቃን አቅራቢው በዓይነቱ እንዲያስረክብ የማያስገድዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣው የሸቀጥ ሽያጭ ሕግ ይህን ሥልጣን የሰጠው ተለይቶ ለታወቀ ዕቃ ነበር።

ግምቱ የፈረሰው እ.ኤ.አ. በ1973 መጨረሻ ነው። ስካይ ፔትሮሊየም የተባለ፣ ቤንዚንና ናፍጣ ለማደያዎች የሚያከፋፍል ኩባንያ፣ ከቪ. አይ. ፒ. ፔትሮሊየም ጋር እ.ኤ.አ. በ1970 ቢያንስ ለአሥር ዓመት የሚጸና ውል ነበረው። በኅዳር ወር፣ የነዳጅ እጥረት ዓለምን ባስጨነቀበት ሰዓት፣ አቅራቢው ገዢው ከተፈቀደለት ዱቤ አልፏል በማለት ውሉን አቋርጫለሁ አለ። በሌላ ጊዜ ቢሆን መልሱ፣ ከሌላ ገዝተህ ልዩነቱን አስከፍል የሚል ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚሸጥ ሌላ አልነበረም። ዳኛው ጎልዲንግ፣ ነዳጁ ተለይቶ የታወቀ ዕቃ ባይሆንም፣ አቅርቦቱ ቢቋረጥ ገዢው ከንግዱ ሊወጣ እንደሚችል አይተው፣ ዋናው ክርክር እስኪወሰን ድረስ አቅርቦቱ እንዳይቋረጥ የማገጃ ትእዛዝ ሰጡ። ዕቃውን ልዩ ያደረገው ባሕርዩ ሳይሆን የገበያው ሁኔታ ነበር።

በኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ

በፈረንሳዊው ሊቅ በሬኔ ዳቪድ ረቂቅ ላይ የተመሠረተው የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ምንጩ ከእንግሊዝ የተለየ ቢሆንም ከዚሁ ስፍራ አጠገብ ደርሷል። በቁጥር 1776 መሠረት፣ ውል በግዴታ የሚፈጸመው ለጠያቂው ልዩ ጥቅም ሲኖረውና የባለዕዳውን ነጻነት ሳይነካ ሊፈጸም ሲችል ነው። ዕቃው በሌላ ተመሳሳይ ሊተካ የሚችል ከሆነ፣ ገዢው በባለዕዳው ወጪ ከሌላ ስፍራ እንዲገዛ ዳኞች ሊፈቅዱለት እንደሚችሉ ቁጥር 1778 ይናገራል። ኪሣራው በቁጥር 1799 መሠረት፣ አስተዋይ ሰው በተለመደው አካሄድ ይደርሳል ብሎ በሚገምተው ጉዳት ይለካል። ከዚያ የሚበልጥ ጉዳት እንዲከፈለው የሚፈልግ ገዢ፣ ልዩ ሁኔታውን ውሉ ሲደረግ ለሻጩ ማስታወቁ እንደሚረዳው ከቁጥር 1801 ይታያል። ጉዳትን የመቀነሱ ግዴታም በቁጥር 1802 ተጽፏል።

ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሁለት መቶ ኩንታል ዱቄት፣ ኩንታሉን በ5,000 ብር ሊገዛ ተዋውሎ፣ ሻጩ በማስረከቢያው ቀን አልሰጥም አለው እንበል። በማግስቱ ዱቄቱ በገበያ በ5,600 ብር ይገኛል፤ ከአንድ ወር በኋላ ግን 6,300 ደረሰ። ጋጋሪው በማግስቱ ቢገዛ ልዩነቱ 120,000 ብር ነው። ገንዘብም ገበያም ሳያጣ ወር ሙሉ ተቀምጦ ኋላ ቢገዛ 260,000 ብር ይጠይቅ ይሆናል፤ ሻጩ ግን ከዚህ ውስጥ 140,000ው በጋጋሪው መዘግየት የመጣ ነው ብሎ ይከራከራል። ይህ ዓይነቱ ክርክር የሚቆመው በማስረጃ ነው። ጋጋሪው ዱቄት ፍለጋ የጠየቃቸው ነጋዴዎች፣ የሰጡት ዋጋና የተጠየቁበት ቀን በጽሑፍ ካለ፣ መዘግየቱ የስንፍና ሳይሆን የገበያው እጥረት መሆኑ ይታወቃል። ዱቄት ከገበያ ጨርሶ ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ እነዚያው ወረቀቶች የሻጩን የመዘግየት ክርክር ይሽራሉ፤ በዓይነቱ ይፈጸምልኝ ለሚለው ጥያቄም የልዩ ጥቅም ማስረጃ ይሆናሉ።

በሎትስ ሮድ የባቡሩ ኩባንያ የተረታው ተላላ ስለነበረ አይደለም፤ አስተዋይ ሆኖ ጉዳቱን ስላጠፋው ነው። ለተበዳይ ይህ መራራ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከሰል ማባከኑን ቀጥሎ ሃያ ዓመት ቢቆይ ኖሮ፣ የባከነውን ሁሉ አስከፍላለሁ ቢልም አይሰማም ነበር። ተርባይኖቹን በመለወጡ ያተረፈው በእጁ ቀርቷል፤ ያጣው ያንኑ ትርፍ ሁለተኛ ከዌስቲንግሃውስ የማስከፈል መብትን ብቻ ነበር።