«ሃኩና ማታታ» የእንግዳ፣ «ፖሌ» የባለቤቱ

እ.ኤ.አ. በ1982 በሞምባሳ ሆቴሎች ለቱሪስት ይጫወት የነበረ «ዴም ማሽሩምስ» የተባለ የኬንያ ባንድ «ጃምቦ ብዋና» የሚል ዘፈን አወጣ። ዘፈኑ እንግዳውን ሰላም ብሎ ኬንያን ያስተዋውቀዋል፣ «ሃኩና ማታታ» እያለም ያረጋጋዋል። ከ12 ዓመት በኋላ የዲዝኒ «ላየን ኪንግ» ፊልም ሐረጉን ለዓለም አዳረሰው። ኩባንያው በልብስ ላይ የንግድ ምልክቱ አድርጎ አስመዘገበው። በ2018 መጨረሻ ጉዳዩ ሲነሳ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተቃውሞ ፊርማ አኖሩ። ምዝገባው ማንንም ከመናገር አይከለክልም። ሰዎችን ያስቆጣው የአፋቸው ቃል የሸቀጥ ማኅተም መሆኑ ነው።

የሚገርመው ግን የስዋሂሊ ተናጋሪው ራሱ ሐረጉን ብዙም አይጠቀምበትም። «ታታ» የተጠላለፈ ነገር፣ እንደ ውሉ የጠፋ ክር ማለት ነው፤ «ማታታ» ብዙ ቁጥሩ ነው። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ሆኖም በዳሬ ሰላም ጎረቤት ለጎረቤት የሚለው «ሃምና ሺዳ» ነው። «ችግር የለም» እንደምንለው ያለ ተራ መልስ እንጂ የኑሮ ፍልስፍና አይደለም። «ሃኩና ማታታ» ከተባለ አድማጩ ቱሪስት መሆኑ ይገመታል።

«ፖሌ ፖሌ»ም በተሳሳተ መንገድ ይተረጎማል። ብዙዎች «አፍሪካዊ ዝግታ» ያደርጉታል። 5,895 ሜትር ከፍታ ባለው ኪሊማንጃሮ ላይ መሪዎቹ ቃሉን ደጋግመው የሚሉት ግን ጫፉ ላይ የሚገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ካለው ግማሽ ያህል ስለሆነ ነው። ሰውነቱ ሳይለምድ የሚሮጥ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፤ ሲብስም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ የባለሙያ ትእዛዝ ነው።

ከሁለቱ «ፖሌ» አንዱ ሲቀር ትርጉሙ ይለወጣል። ሰው ሲደናቀፍ፣ ሲታመም፣ ዘመድ ሲሞትበት «ፖሌ» ይባላል። የእኛን «እኔን!»፣ «አይዞህ»ን እና «እግዜር ያጽናህ»ን በአንድ ቃል ይይዛል። ሥራ ላይ ላለ ሰው «ፖሌ ና ካዚ»፣ ከመንገድ ለገባ «ፖሌ ና ሳፋሪ» ይባላል፤ ድካምህን አይቻለሁ እንደማለት ነው። መልሱ «አሳንቴ»፣ አመሰግናለሁ ነው።

እዚህ ላይ እንግዶች ይሳሳታሉ። የሰው እግር ረግጦ «ፖሌ» ብቻ ማለት «ወይኔ፣ አመመህ?» ብሎ እንደማለፍ ነው። ይቅርታ የሚጠየቀው «ሳማሃኒ» በሚለው ነው። አንዱ ያዝናል፣ ሌላው ጥፋቱን ያምናል። ልዩነቱ ለባለሥልጣንም ይሠራል፦ ለተጎዳ ሕዝብ «ፖሌ» ያለ ሹም አዘነ እንጂ ኃላፊነት አልወሰደም።

እንግዳው ይዞ የሚመለሰው ቃል ችግር የለም ይላል። ባለቤቶቹ ቀኑን ሙሉ የሚለዋወጡት ግን ችግር እንዳለ አይቶ የሚጀምረውን ነው።