ማድያት

ማድያት (በሕክምና ስሙ ሜላዝማ) በፊት ቆዳ ላይ ቡናማ ወይም ግራጫ የቀላቀለ ቡናማ ሆኖ የሚወጣ የቆዳ መጥቆር ነው። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በሁለቱ ጉንጮች፣ በግንባር፣ በአፍንጫ ላይና ከላይኛው ከንፈር በላይ ሲሆን፣ አንዳንድ ጊዜ በአገጭና በመንጋጋ መስመር ላይም ይወጣል። ሜላዝማ የሚለው ስም «ጥቁር» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በእርግዝና ጊዜ የሚወጣው ክሎአዝማ በሚል ስምም ይታወቃል።

ማድያት አያምም፣ አያሳክክም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ፣ በተለይም በመውለጃ ዕድሜ ባሉት ላይ በብዛት ይታያል። ቆዳቸው ጠይም ወይም ቡናማ በሆኑ ሰዎች ላይ ይበረታል። በቤተሰብ ውስጥ ማድያት ያለበት ሰው መኖሩም የመውጣት ዕድሉን ከፍ ያደርገዋል። ሰዎችን ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጠው ብዙውን ጊዜ ማድያቱ ራሱ ሳይሆን ቶሎ ለማጥፋት ሲባል የሚቀባው ነገር ነው።

## አፈጣጠር

የቆዳን ቀለም የሚሰጠው ሜላኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ሜላኒንን የሚሠሩት በላይኛው የቆዳ ክፍል ሥር የሚገኙ ሜላኖሳይት የተባሉ ሴሎች ናቸው። እነዚህ ሴሎች የሠሩትን ቀለም በአካባቢያቸው ላሉ የቆዳ ሴሎች ያከፋፍላሉ። በማድያት ጊዜ የሜላኖሳይቶች ቁጥር ብዙም አይጨምርም፤ የሚጨምረው ሥራቸው ነው። ያሉት ሴሎች ከመጠን በላይ ይነቃቁና ከሚገባው በላይ ቀለም ያመርታሉ።

ቀለሙ በላይኛው የቆዳ ክፍል ብቻ ከተከማቸ ቡናማና ዳሩ በግልጽ የሚለይ ሆኖ ይታያል። አንዳንድ ጊዜ ግን ከላይኛው ክፍል አልፎ ወደ ታችኛው የቆዳ ክፍል ይወርዳል። እንዲህ ያለው ወደ ግራጫ ያደላል፤ ዳሩም ይደበዝዛል። በብዙ ሰዎች ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ይገኛሉ። ይህ ልዩነት ማድያቱ ምን ያህል ሊለቅ እንደሚችል የሚወስን ነው። የላይኛው የቆዳ ክፍል በሳምንታት ውስጥ እየረገፈ ስለሚታደስ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል፤ ወደ ታች የወረደው ግን የሚረግፍበት መንገድ ስለሌለው ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

## የፀሐይ ድርሻ

ማድያትን ከሚያባብሱ ነገሮች ሁሉ ዋነኛው የፀሐይ ብርሃን ነው። አልትራቫዮሌት ጨረር ሜላኖሳይቶችን በቀጥታ ያነቃቃል። የጨረሩ መጠን ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቁጥር የሚጨምር ሲሆን፣ ጭማሪው በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝና ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆነች፣ አየሩ ቀዝቃዛ በሆነበት ቀን እንኳ ጨረሩ ኃይለኛ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የሙቀት ስሜት ለጨረሩ መለኪያ አይሆንም።

ሁለት ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። የመጀመሪያው መስታወት ነው። ተራ የመስኮት መስታወት ቆዳን የሚያቃጥለውን የአልትራቫዮሌት ዓይነት በአብዛኛው ቢያስቀርም፣ «ኤ» የተባለውንና ወደ ቆዳ ጠልቆ የሚገባውን ዓይነት ግን በብዛት ያሳልፋል። በመኪና ወይም በቢሮ መስኮት አጠገብ የሚውል ሰው ቆዳው ባይቃጠልም ማድያቱ ሊጠቁር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው በዓይን የሚታየው ብርሃን ነው። የፀሐይ ብርሃን ሰማያዊ ክፍል በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ መጥቆር ያስከትላል። ቀለም የሌላቸው የፀሐይ መከላከያ ክሬሞች (ሰንስክሪን) አልትራቫዮሌትን ቢከላከሉም ይህን ብርሃን አያግዱም። የሚያግደው አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት፣ የቆዳ ቀለም ያለው ክሬም ነው። አይረን ኦክሳይድ ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገው የብረት ውሕድ ነው። በመሆኑም ማድያት ላለበት ሰው የመከላከያ ቁጥሩ (ኤስፒኤፍ) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነና የቆዳ ቀለም ያለው ክሬም ይመረጣል።

የሚቀባው መጠንም ውጤቱን ይወስናል። ለፊትና ለአንገት የሚበቃው በአመልካች ጣትና በመሃል ጣት ርዝመት ልክ የወጣ ክሬም ነው። በስሱ የተቀባ ክሬም በዕቃው ላይ የተጻፈውን ያህል አይከላከልም። ውጭ የሚውል ሰው በየ2 ሰዓቱ ደግሞ መቀባት ይኖርበታል። ክሬሙን ማግኘት ለማይችል ሰው ጃንጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣ ወይም ፊትን የሚያጠላ ሻሽ አልትራቫዮሌትንም በዓይን የሚታየውንም ብርሃን ይቀንሳሉ።

## የሆርሞን ድርሻ

ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት የሴት ሆርሞኖች ቀለም ሠሪ ሴሎችን ለብርሃን ይበልጥ ስሜታዊ ያደርጓቸዋል። በእርግዝና ጊዜ የሁለቱም መጠን ከፍ ስለሚል ማድያት በተለይ ከእርግዝናው አጋማሽ በኋላ ይወጣል ወይም ይበልጥ ይጠቁራል። ከወሊድ በኋላ በብዙ እናቶች ላይ በወራት ውስጥ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ይቀራል፣ በሚቀጥለው እርግዝናም ሊመለስ ይችላል።

ኢስትሮጅን ያለባቸው የእርግዝና መከላከያ እንክብሎችም ማድያት ሊያስነሱ ይችላሉ። ማድያቱ እንክብሉ ከተጀመረ በኋላ የወጣ ወይም የባሰ ከሆነ ወደ ሌላ የመከላከያ ዘዴ መቀየር ይቻል እንደሆነ ከጤና ባለሙያ ጋር መመካከር ይገባል። ሌላ ዘዴ ሳይተኩ በድንገት ማቋረጥ ላልታሰበ እርግዝና ይዳርጋል፤ እርግዝናው ደግሞ ማድያቱን መልሶ ያጠቁረዋል። እንክብሉ ቢቋረጥም ማድያቱ ወዲያውኑ እንደማይጠፋ መታወቅ አለበት።

ሆርሞን ብቻውን ሁሉንም አያብራራም። ማድያት በወንዶችም ላይ ይወጣል፤ በነሱ ላይ ዋነኞቹ ምክንያቶች የፀሐይ ብርሃንና የዘር ውርስ ናቸው።

## ከሌሎች ጥቁረቶች መለየት

ማድያት አብዛኛውን ጊዜ በፊት ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ሆኖ ይወጣል፤ ቆዳውም ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ብጉር ወይም ቁስል በነበረበት ቦታ ላይ ብቻ ነጠብጣብ ሆኖ የቀረ ጥቁረት የቁስሉ ጠባሳ ቀለም እንጂ ማድያት አይደለም። በአንድ ወገን ብቻ የወጣ፣ ከቆዳው ከፍ ያለ፣ የሚያሳክክ፣ የሚደማ ወይም በፍጥነት የሚያድግ ጥቁረት በቆዳ ሐኪም መታየት አለበት። ጥቁረቱ በድድ፣ በመዳፍ መስመሮችና በመላ ሰውነት ላይ ከታየና ድካምና የክብደት መቀነስ ካለው ደግሞ የውስጥ በሽታ ምልክት ሊሆን ይችላል።

## ሕክምና

ያለ ብርሃን መከላከል የሚደረግ ሕክምና ውጤቱ አይጸናም። ከዚያ በኋላ በብዛት የሚታዘዘው ሃይድሮኪኖን ነው፤ ሜላኒን የሚሠራበትን ሂደት ያዘገያል። 4 በመቶ ሃይድሮኪኖን ከትሬቲኖይንና ከቀላል ስቴሮይድ ጋር ተቀላቅሎ የሚሰጥበት ባለሦስት መድኃኒት ቅባት ጠንካራ ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህ ቅባት በሐኪም ክትትል ለተወሰኑ ወራት ብቻ፣ ማታ ማታ ይቀባል። ነፍሰ ጡር ሴት ሃይድሮኪኖንና ትሬቲኖይን መጠቀም የለባትም፤ በእርግዝና ጊዜ ሕክምና ካስፈለገ አዜላይክ አሲድ ይመረጣል።

ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለው የሚዋጥ መድኃኒት ለጠነከረ ማድያት አንዳንድ ጊዜ ይታዘዛል። መድኃኒቱ ደም እንዲረጋ የሚያግዝ ስለሆነ የደም መርጋት ታሪክ ላለበት ሰው አይሰጥም፤ ኢስትሮጅን ያለበት እንክብል የምትወስድ ሴትም ለሐኪሟ መናገር ይኖርባታል። ሌዘርና ኬሚካላዊ ልጣጭ በጠይም ቆዳ ላይ ቆዳውን አስቆጥተው ጥቁረቱን ሊያብሱ ስለሚችሉ የመጀመሪያ ምርጫ አይሆኑም።

## በተጨባጭ የሚጠበቅ ለውጥ

ሐኪሞች የማድያትን ለውጥ ለመለካት ከሚጠቀሙባቸው ዘዴዎች አንዱ ስፋትንና ጥቁረትን የሚያባዛ ነጥብ ነው። ፊት በግንባር፣ በቀኝ ጉንጭ፣ በግራ ጉንጭና በአገጭ ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ስፋቱ ከ0 እስከ 6፣ ጥቁረቱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል። ሁለቱ ተባዝተው ውጤቱ ለግንባርና ለእያንዳንዱ ጉንጭ በ0.3፣ ለአገጭ በ0.1 ይባዛል፤ ከዚያም ሁሉም ይደመራል። ከፍተኛው ነጥብ 24 ነው።

ለምሳሌ አንዲት ሴት በግንባሯ ላይ ስፋት 2 ጥቁረት 2፣ በሁለቱም ጉንጮቿ ላይ ስፋት 3 ጥቁረት 3 ቢኖራትና አገጯ ንጹሕ ቢሆን፣ ስሌቱ የሚከተለው ነው፦

```
0.3×2×2 + 0.3×3×3 + 0.3×3×3 + 0.1×0×0 = 6.6
```

ከ12 ሳምንት ሕክምና በኋላ ጥቁረቱ በየቦታው በአንድ ደረጃ ቢቀንስና ስፋቱ ባይለወጥ፦

```
0.3×2×1 + 0.3×3×2 + 0.3×3×2 + 0.1×0×0 = 4.2
```

ነጥቡ በ36 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ሴትየዋ በመስታወት ስታይ ግን ማድያቱ በያዘው ቦታ ላይ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ድምቀቱ ብቻ ነው። ብዙ ሰዎች «ምንም አልለቀቀም» ብለው መድኃኒቱን የሚተዉት እዚህ ደረጃ ላይ ሲሆን፣ በስሌቱ እንደሚታየው ግን ሕክምናው እየሠራ ነው። ለውጡን ለማየት በየወሩ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓትና በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ ማንሳት ይረዳል።

የመጀመሪያው ለውጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ የተሻለ ውጤት ለማግኘት ደግሞ ወራት ያስፈልጋሉ። ወደ ታችኛው ቆዳ የወረደ ቀለም ካለ ማድያቱ ይደበዝዛል እንጂ ሙሉ በሙሉ ላይጠፋ ይችላል። ከደበዘዘ በኋላም ሴሎቹ በቀላሉ የሚነቃቁ ሆነው ስለሚቆዩ፣ ጥቂት ሳምንታት ያለ መከላከያ በፀሐይ መዋል የወራትን ለውጥ ሊመልሰው ይችላል።

## አደገኛ የማንጫ ቅባቶች

በቀናት ውስጥ ፊትን «የሚያነጡ» ቅባቶች በውስጣቸው ክሎቤታዞልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ሊኖራቸው ይችላል። ስቴሮይዱ መጀመሪያ ፊትን ያፈካል፤ ቆይቶ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ የደም ሥሮች እንዲታዩ ያደርጋል፣ ብጉርና ፀጉር ያበቅላል። ሲቋረጥ ፊቱ ይቀላል፣ ያቃጥላል፤ ሰውየውም ለማስታገስ ወደዚያው ቅባት ይመለሳል። እንዲህ ያለ ምልክት ያየ ሰው ቅባቱን ከነዕቃው ይዞ ወደ ቆዳ ሐኪም መሄድ ይኖርበታል፤ የማቆሙ አካሄድ እንደ ተቀባበት ጊዜ ርዝመት ይለያያል። ሜርኩሪ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ገብቶ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ነፍሰ ጡር ሴት ከተቀባችው ደግሞ ጽንሱን ሊጎዳ ይችላል።

ሃይድሮኪኖንም ቢሆን ያለ ክትትል ለዓመታት ከተቀባ ኦክሮኖሲስ የተባለ ሰማያዊ የቀላቀለ ጥቁረት ያስከትላል። ይህ ጥቁረት ማድያቱ የባሰ ስለሚመስል ሰዎች ቅባቱን ይበልጥ ይጨምራሉ፤ ከማድያቱ ይልቅ ለማከም የሚያስቸግረውም እሱ ነው። ሎሚ ፊት ላይ መቀባትም ቆዳን ያስቆጣል፤ ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ሊያቃጥልና አዲስ ጥቁረት ሊተው ይችላል።