የነገ ወርቅ ዛሬ ስንት ያወጣል? ከመሐመድ ዓሊ እስከ ኩርሙክ

እቁብ የገባ ሰው ይህን ጽሑፍ ለመረዳት አይቸገርም። 12 ሰው በየወሩ 10,000 ብር ቢጥል ሁሉም ተራው ሲደርስ 120,000 ብር ያነሳል። ብሩ እኩል ነው። ግን የመጀመሪያውን ዕጣ የማይፈልግ የለም፣ የመጨረሻውን የሚፈልግ ደግሞ የለም። አንዳንዱማ ዕጣው የወጣለትን ሰው «ይህን ያህል ልተውልህና ተራህን ልቀቅልኝ» ብሎ ይገዛዋል። ያቺ የሚተዋት ብር የጊዜ ዋጋ ናት።

ትልልቅ ኩባንያዎች የሚተመኑት በዚሁ ሐሳብ ነው። ኩባንያው በየዓመቱ ያስገባል የሚባለው ገንዘብ ይዘረዘራል። ከዚያ እያንዳንዱ ዓመት እንደ ርቀቱ ይቀነስና ይደመራል። ድምሩ የኩባንያው የዛሬ ዋጋ ይባላል። ይህ ስሌት ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። ግን ቀድመው የሠሩበት የማዕድን ሰዎች ናቸው። የሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ባለሙያዎች የማዕድን ጉድጓድ ኪራይ ለመተመን የወለድ ሠንጠረዥ ይጠቀሙ ነበር። በ1877 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ሆስኮልድ የተባለ እንግሊዛዊ የማዕድን መሐንዲስ የማዕድን መተመኛ ቀመር አሳተመ። የኢኮኖሚ ምሁሩ ኢርቪንግ ፊሸር «የወለድ ንድፈ ሐሳብ» የተባለውን መጽሐፉን ያወጣው በ1930 ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ማዕድን መጀመሪያ ገንዘብ ይበላል፣ ቆይቶ ይከፍላል፣ በመጨረሻ ያልቃል። ስለዚህ ጊዜን ሳይቆጥሩ ማዕድን መግዛት አይቻልም።

እኛ አገር ይህን ሳይቆጥር የመጣ ትልቅ ሰው አለ። የግብፁ ገዢ መሐመድ ዓሊ ፓሻ በ1820 እና 1821 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲልክ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ የፋዞግሊና የቤኒሻንጉል ወርቅ ነበር። ኦስትሪያዊውን የማዕድን ባለሙያ ሩሴገርን አስጠና፣ ከ1838 እስከ 1839 ባለው ጊዜ ደግሞ ራሱ በእርጅናው እስከ ፋዞግሊ ተጓዘ። በ1848 ሩሲያዊው መሐንዲስ ኮቫሌቭስኪ የቱማት ወንዝን ተከትሎ ወርቅ እንዲያወጣ ተላከ። ወርቁ መኖሩ ውሸት አልነበረም። የአካባቢው ሰው ከአሸዋው እያጠበ ያወጣው ነበር፤ በኋላም የአሶሳው ሼህ ኾጀሌ አል-ሐሰን ለአፄ ምኒልክ የገበሩት ይህንኑ ወርቅ ነው። የፓሻው ችግር ሌላ ነው። ለወታደር፣ ለግመልና ለመሣሪያ የሚወጣው ወጪ ዛሬ ነው፤ ወርቁ ግን በትንሽ በትንሹ፣ ከዓመታት በኋላ የሚመጣ ነው። «ወርቅ አለ?» ብሎ ጠየቀ። «መቼ ይደርሰኛል?» የሚለውን ግን አልጠየቀም።

ያንኑ ጥያቄ ዛሬ ኩርሙክ ላይ በቁጥር እናየዋለን። በአሶሳ ዞን፣ በሱዳን ድንበር ያለው የኩርሙክ የወርቅ ፕሮጀክት በግብፃዊው አስኮም ኩባንያ ሲፈለግ ቆይቶ ወደ ካናዳው አላይድ ጎልድ ተላለፈ። በዕቅዱ መሠረት ማዕድኑ ለአሥር ዓመት ያህል በአማካይ በዓመት 240,000 አውንስ ያመርታል፤ አንድ አውንስ 31 ግራም ገደማ ነው። ግንባታው ደግሞ ግማሽ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ይጠይቃል። በዲሴምበር 2024 አላይድ ከገንዘቡ ከፊሉን ለማግኘት ገና ያልወጣ ወርቅ ሸጠ። ገዢው ዊተን የተባለ የካናዳ ኩባንያ ነው። ዊተን ግንባታው እየሄደ በአራት ጊዜ 175 ሚሊዮን ዶላር ይከፍላል። በምላሹ ከምርቱ 6.7 በመቶውን ያገኛል፤ 220,000 አውንስ ከተረከበ በኋላ ድርሻው ወደ 4.8 በመቶ ይወርዳል። ወርቁን ሲረከብም የገበያውን ዋጋ 15 በመቶ ብቻ ይከፍላል።

እስቲ ራሳችን እንስላው። ከ240,000 አውንስ 6.7 በመቶው 16,000 ገደማ ነው። በዚያ ወቅት አንድ አውንስ 2,600 ዶላር አካባቢ ነበር፤ 15 በመቶው ተከፍሎ 2,210 ዶላር ይቀራል። ይህ ሲባዛ ዊተን በዓመት ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር ያገኛል፣ በአሥር ዓመት 350 ሚሊዮን። እንግዲህ 350 የሚሆን ነገር በ175 ተሸጠ ማለት ነው። በግማሽ ዋጋ! ተታለሉ?

አልተታለሉም። 175 ሚሊዮኑ ዛሬ ሙሉውን ተከፈለ፣ የመጀመሪያው 35 ሚሊዮን ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ደረሰ እንበል። የቅናሽ ምጣኔውን 12 በመቶ እናድርገው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ የመጠበቂያ ዓመት ገንዘቡን ለ1.12 እናካፍላለን። የሁለተኛው ዓመት 35 ሚሊዮን ዛሬ 28 ሚሊዮን ያወጣል። የአሥራ አንደኛው ዓመት 35 ሚሊዮን ግን ዛሬ 10 ሚሊዮን ብቻ ነው። አሥሩን ስንደምር 177 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ከተከፈለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ምጣኔውን ብቻ እንነካካ። 10 በመቶ ብናደርገው ድምሩ 195 ይሆናል፣ 15 በመቶ ብናደርገው 153። ወርቁ ያው፣ መሬቱ ያው፣ አንድ ቁጥር ብቻ ተቀየረ። ግንባታው አንድ ዓመት ቢዘገይ ደግሞ 177ቱ ወደ 158 ይወርዳል። መንገድ በጸጥታ ችግር ሲዘጋ ወይም ማሽን ድንበር ላይ ሲቆም ማንም ወርቅ ሳይሰርቅ 19 ሚሊዮን ዶላር የሚጠፋው በዚህ መንገድ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የኩባንያ ዋጋ ሲነግራችሁ ስንት ምጣኔ እንደተጠቀመ፣ ገንዘቡ መቼ ይጀምራል እንዳለና የወርቅ ዋጋ ስንት ብሎ እንደያዘ ጠይቁት። በ2025 ወርቅ ከ4,000 ዶላር ሲያልፍ የእኛም ስሌት ተሰብሯል፤ በ4,000 ሲሰላ 177ቱ ከ270 በላይ ይሆናል። በጃንዋሪ 2026 የቻይናው ዚጂን ጎልድ አላይድን በ5.5 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ገደማ ለመግዛት ሲስማማ ኩርሙክ ሊከፈት የተቃረበ ማዕድን ነበር። ጥበቃው ባጠረ ቁጥር ቅናሹም ያንሳል።

እኛን የሚመለከተው ግን የስሌቱ ሌላኛው ጫፍ ነው። ቅናሽ ገቢን ብቻ አያሳንስም፣ ዕዳንም ያሳንሳል። ማዕድኑ ሲዘጋ ጉድጓዱን ለመድፈንና የተረፈ ጭቃውን ለመጠበቅ ለምሳሌ ከ12 ዓመት በኋላ 10 ሚሊዮን ዶላር ያስፈልጋል ብንል፣ በ12 በመቶ ዛሬ 2.6 ሚሊዮን ሆኖ ይታያል። ባለአክሲዮኑ ለዚህ እንቅልፍ አያጣም። ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባ የኩርሙክ ልጅ ግን ያን ጊዜ 12ኛን ጨርሶ እዚያው ነው የሚኖረው፤ ለእሱ ጉድጓዱ በምንም አይቀነስም። ለዚህ ነው የመዝጊያው ገንዘብ ወርቁ እየወጣ ባለበት ጊዜ በየዓመቱ ተቀንሶ በዝግ ሒሳብ መቀመጥ ያለበት። መጨረሻ ላይ ይከፈላል የተባለ ገንዘብ፣ በእቁብ ቋንቋ፣ የመጨረሻው ዕጣ ነው። የመጨረሻው ዕጣ የሚደርሰው ደግሞ ቀድመው ያነሱት ሰዎች መጣላቸውን ካላቆሙ ብቻ ነው።