ምጣኔ፣ ቤትና ምስል፦ መዝሙረ ዳዊትን ለጉባኤ ዝማሬ የተረጎሙ ምን ጠበቁ፣ ምን ጣሉ?

መዝሙረ ዳዊትን በዝርው የተረጎመ ሰው አንድ ችግር የለበትም፤ ስንኙ ረዘመ አጠረ ብሎ አይጨነቅም። ጉባኤ እንዲዘምረው የሚተረጉም ግን ከመጀመሪያው ቃል ጀምሮ ይጨነቃል። ሙዚቃ ያልተማሩ ብዙ ሰዎች በአንድነት ሊዘምሩ የሚችሉት ዜማው ሲደጋገም ነው፤ ዜማው እንዲደጋገም ደግሞ እያንዳንዱ አንጓ እኩል ቀለም ሊኖረው ይገባል። በዚህ ምክንያት በተሐድሶ ዘመን ምጣኔ ጌጥ አልነበረም፤ ምዕመናን መዝሙሩን ከካህናትና ከመዘምራን አፍ ወደ ራሳቸው አፍ የሚወስዱበት መሣሪያ ነበር። ክርክሩ የነበረው ለዚህ መሣሪያ ሲባል ከዕብራይስጡ ግጥም ምን ሊቀር እንደሚችል ነው።

ጄኔቫ ከሁሉ ይልቅ ድካም የሚጠይቀውን መንገድ መረጠች። ካልቪን የመጀመሪያውን አነስተኛ የመዝሙር መጽሐፍ በ1539 (እ.ኤ.አ.) በስትራስቡርግ አሳተመ። ከመዝሙሮቹ ብዙዎቹ የክሌማን ማሮ ትርጉሞች ነበሩ። ማሮ የፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ባለቅኔ ነበርና ሥራውን እንደ ባለሙያ አየው፤ ለመዝሙሩ የሚስማማ የአንጓ ቅርጽ ይፈልጋል፣ ካጣም አዲስ ይሠራል። ማሮ በ1544 ሲሞት ቴዎዶር ቤዛ ቀጠለው፤ 150ው መዝሙራት በ1562 ተሟልተው ሲታተሙ ከ120 በላይ ዜማዎች ነበሯቸው። አብዛኛው መዝሙር የራሱ ምጣኔና የራሱ ዜማ ስለነበረው ዜማው ከመዝሙሩ አይለይም። መዝሙር 68 የሂውግኖት ሠራዊት የጦር ሜዳ መዝሙር ሆኖ የታወቀው ከነዜማው ነው። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ሙሉውን መዝሙር ለመዘመር ጉባኤው ከመቶ በላይ ዜማ መልመድ አለበት።

እንግሊዞችና ስኮትላንዶች ወደ ተቃራኒው ሄዱ። በ1562 ተሟልቶ የታተመው የስተርንሆልድና የሆፕኪንስ ትርጉም በአብዛኛው የሚሄደው በአንድ ምጣኔ ነው፤ ስምንት ቀለም፣ ስድስት፣ ስምንት፣ ስድስት። ይህን እንግሊዞች የጋራ ምጣኔ ይሉታል፤ የእኛን የወል ቤት የሚያስታውስ ስም ነው። በ1650 በስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን የጸደቀው መዝሙርም በዚሁ ላይ ቆመ። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንድ ዜማ የሚያውቅ ጉባኤ አብዛኛውን መዝሙረ ዳዊት መዘመር ይችላል። መጽሐፍና አስተማሪ በሌለበት የገጠር አጥቢያ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ኪሳራውን ለማየት የስኮትላንዱን መዝሙር 23 መጀመሪያ እንመልከት። በዕብራይስጡ የመጀመሪያው ቁጥር፣ ርእሱን ትተን፣ አራት ቃላት ብቻ ነው። ተርጓሚዎቹ ሁለት የተቆራረጡ አጠራሮችን ተጠቅመው ይህን በአንዱ ባለ ስምንት ቀለም ስንኝ ውስጥ ጨረሱት፤ ለሁለተኛው ቁጥር ሦስት ስንኞች ተረፉ። ሁለተኛው ቁጥር በዕብራይስጡ ሁለት እኩያ ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ መስክ፣ በሌላው ውኃ አለ። ሦስት ስንኝ ግን ለሁለት እኩል አይከፈልም። ስለዚህ መስኩ ከሁለተኛው ስንኝ ተንጠልጥሎ ወደ ሦስተኛው ገባ፤ ውኃውም በሦስተኛው ስንኝ አጋማሽ ተጀምሮ በአራተኛው አለቀ። አራተኛው ስንኝ ከሁለተኛው ጋር ቤት እንዲመታ ደግሞ «አጠገብ» የሚል ትርጉም ያለው መስተዋድድ ከስሙ ኋላ ተቀመጠ። አማርኛ ተናጋሪ በዚህ አይደነቅም፤ እኛ «ውኃው አጠገብ» እንጂ «አጠገብ ውኃው» አንልም። ለእንግሊዝኛ ጆሮ ግን ዐረፍተ ነገሩ ተገልብጧል።

ነገር ግን ምን እንዳልጠፋ ልብ እንበል። መስኩ፣ ውኃው፣ በትሩና ምርኩዙ፣ ማዕዱ፣ ዘይቱ፣ ጽዋው ሁሉም በቦታቸው አሉ። ዕብራይስጡ የማያውቀው ምስል አልተጨመረም። ተርጓሚዎቹ ምጣኔን፣ ቤትንና ምስልን ጠብቀው የቃላትን ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተልና የክፍሎችን ጥንድነት ሠዉ። በእኔ ግምት ይህ ከነበሩት ምርጫዎች የተሻለው ነው፤ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር በልማድ ይገባል፣ የጠፋ ምስል ግን ከጠፋ ዘንድ አይመለስም።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሰፈሩት ፒዩሪታኖች ከዚህም አልፈው ሄዱ። በ1640 በካምብሪጅ የታተመው የቤይ መዝሙር መጽሐፍ በእንግሊዝ የሰሜን አሜሪካ ቅኝ ግዛቶች የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። አዘጋጆቹ በመቅድሙ ከውበት ይልቅ ለኅሊናና ለዕብራይስጡ ታማኝ መሆንን እንደመረጡ ግልጽ አድርገዋል፤ ስንኞቻቸውም ሸካራ ናቸው። (ከቀሩት ጥቂት ቅጂዎች አንዱ በ2013 ከ14 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሽጧል፤ የተሸጠው ግን ለግጥሙ ውበት አይደለም።) ቢሆንም ቤት መምታትን እነርሱም አልተዉም። ቤት ለምእመኑ የማስታወሻ ችንካር ነው። በጊዜው ብዙዎች ማንበብ ስለማይችሉ መሪው ስንኙን ያነባል፣ ጉባኤው ተቀብሎ ይዘምረዋል፤ የዌስትሚኒስተር ጉባኤ የአምልኮ መመሪያም ማንበብ የማይችሉ ብዙዎች ባሉበት ይህን ፈቅዷል። እዚህ ላይ የተገለበጠ ዐረፍተ ነገር ዋጋ ያስከፍላል። አሉታው በአንዱ ስንኝ መጨረሻ ቀርቶ ግሱ ወደሚቀጥለው ከዞረ፣ ጉባኤው ግማሽ ሐሳብ ይቀበልና ዘምሮ ይጨርሳል፤ አንዳንዴ የተቀበለው ግማሽ ከሙሉው ጋር ይቃረናል። በንባብ የማይታይ ጉድለት በዝማሬ የሚገለጠው እንዲህ ነው። ለዝማሬ የተተረጎመ ግጥም ሊመዘን የሚገባውም እያንዳንዱ ስንኝ ብቻውን ሲሰማ ነው።

አይዛክ ዋትስ በ1719 የዳዊትን መዝሙራት በአዲስ ኪዳን ቋንቋ ሲያወጣ ሚዛኑን ገለበጠው። ምጣኔውም ቤቱም ለስላሳ ሆኑ፤ መሥዋዕት የሆነው ምስሉ ነው። ዳዊት እንደ ክርስቲያን ሊናገር ይገባዋል ብሎ ስለሚያምን በብዙ ስፍራ ክርስቶስን በግልጽ አስገባ፤ ለክርስቲያን ጉባኤ አይስማሙም ያላቸውን 12 መዝሙራት ጭራሹን ተወ፤ እስራኤል በነበረችበት አንዳንድ ቦታም ብሪታንያን ተካ። የዚህ ምትክ ዕድሜ ግን አጭር ነበር። አሜሪካ ነፃ ስትወጣ ስለ ብሪታንያ መዘመር አልተቻለምና በ1785 ጆኤል ባርሎ፣ በ1801 ደግሞ ቲሞቲ ድዋይት የዋትስን መጽሐፍ ማረም ነበረባቸው። እስራኤልንና ጽዮንን እንደነበሩ የተዉት የስኮትላንድ መዝሙራት ግን መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እርማት አላስፈለጋቸውም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ሮበርት ሎውዝ ነው። በ1753 በታተሙት የኦክስፎርድ ንግግሮቹ የዕብራይስጥ ግጥም ዋና ሥርዓት የሐሳብ ጥንድነት መሆኑን አስረዳ፤ ሁለተኛው ክፍል የመጀመሪያውን ይደግማል፣ ይቃወማል ወይም ያሟላል። ግኝቱ ለተርጓሚ ምን ማለት ነው? ቤትና ምጣኔ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አይሻገሩም፣ ጥንድነት ግን ይሻገራል፤ ያውም በዝርው። ጉባኤው በግጥም ሊጠብቀው ሲደክም የኖረውን፣ የዝርው ትርጉም ሳያውቀው ጠብቆታል ማለት ነው። የጋራ ምጣኔ ደግሞ ስምንትና ስድስት እያለ ሁለተኛውን ክፍል ስለሚያሳጥር፣ ሚዛናዊውን የዕብራይስጥ ጥንድ አንካሳ ያደርገዋል።

አማርኛ በዚህ ረገድ ዕድለኛም ምስኪንም ነው። ዕድለኛ ነው፤ የወል ቤታችን ስድስትና ስድስት ቀለም ባላቸው ሁለት እኩል ሐረጎች ስለሚከፈል የዕብራይስጡን ጥንድ ሳያሳጥር ሊሸከም ይችላል። ግሳችንም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጥንዶቹ በአንድ ባለቤት ሲነገሩ ቤት መምታቱ በነፃ ይገኛል፤ «ይመራኛል»፣ «ይመልሰኛል» እያልን መቀጠል እንችላለን። ይህ ግን ርካሽ ቤት ነው፤ አራት ስንኝ ሙሉ በ«ኛል» ሲያልቅ ጆሮ ይሰለቻል፣ ትርጉም የሚሸከመው የግሱ ሥርም በቅጥያው ይሸፈናል።

ምስኪንነቱ በእግዚአብሔር ስም ላይ ይታያል። ስሙ እግ፣ ዚ፣ አብ፣ ሔር ተብሎ ሲነገር አራት ቀለም ነው። «እረኛዬ» አራት፣ «ነው» አንድ። የመዝሙር 23 መክፈቻ ሐሳብ ግማሹ ብቻ ዘጠኝ ቀለም ሆነ፤ ከውጭ በመጣ ባለ ስምንት ቀለም ዜማ ላይ አይገባም። በወል ቤት ሐረግም፣ «ነው»ን ብንጥል እንኳ፣ ስምንት ሆኖ ከስድስቱ ያልፋል። የሕዝብ ግጥም «እግዜር» ብሎ ሁለት ቀለም ያተርፋል፤ ለአምልኮ ግን ጆሯችን አይቀበለውም። ስለዚህ እጅ ወዲያውኑ ወደ «ጌታ» ይሄዳል፤ «ጌታ» እና «እረኛዬ» ስድስት ቀለም ሆነው ልክክ ይላሉ።

ይህ የግጥም ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ግን አይደለም። በጉባኤያችን «ጌታ» ሲባል ሰሚው የሚያስበው ኢየሱስን ነው። በመዝሙር 23 ይህ ለውጥ ብዙ ላያስጨንቅ ይችላል፤ ሰባ ሊቃናትም መለኮታዊውን ስም «ጌታ» በሚል የግሪክ ቃል ተክተዋል፣ ሐዋርያትም ያንኑ ተጠቅመዋል፣ ክርስቶስም ራሱን መልካም እረኛ ብሏል። በመዝሙር 110 መጀመሪያ ግን ሁለት አካላት በሁለት የተለያዩ የዕብራይስጥ ቃላት ይጠራሉ፤ በ1954 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፍ ቅዱሳችንም አንዱን «እግዚአብሔር»፣ ሌላውን «ጌታ» በማለት ልዩነቱን ጠብቋል። ጌታችን በማቴዎስ 22 ለፈሪሳውያን ያቀረበው ጥያቄ ያረፈው በዚህ ክፍል ላይ ነው። ዜማ ለማሟላት ሁለቱንም «ጌታ» ያደረገ ዘማሪ ሁለት ቀለም አተረፈ፤ ተናጋሪው ማን፣ የሚነገረውስ ማን እንደሆነ ግን ጉባኤው መለየት አይችልም። እዚያ ቦታ ላይ የምሠዋው ቤቱን ነው፤ ባይበቃ ዜማውን እለውጣለሁ፣ ስሙን ግን አልነካም። ማሮም ሆነ ቤዛ ለአንድ መዝሙር አዲስ የአንጓ ቅርጽ ሲሠሩ ዜማው ለቃሉ እንዲታዘዝ አድርገዋል፤ እኛ ደግሞ ስድስትና ስድስቱን ትተን ስምንትና ስምንት ብንሄድ «እግዚአብሔር» ከነሙሉ ስሙ ይገባል፣ ለሌላ አራት ቀለምም ቦታ ይተርፋል።