የካቲት 23 ማርች ስንት ነው?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ፈረንጆቹ የዓድዋን ቀን እንኳ አሳስተው ጻፉት» ይሉኛል። እኛ በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው፤ የውጭ መጻሕፍት ግን ድሉን ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። እንደ እውነቱ ከሆነ የተሳሳተ የለም።

ጦርነቱ የተካሄደው እሑድ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው። ያ ዕለት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ማርች 1 ነበር። ፈረንጆቹ በነሱ 1900 ፌብሩዋሪን 29 አላደረጉም፤ የኛዋ ጳጉሜን ግን በየአራት ዓመቱ 6 መሆኗን አልተወችም። በዚህ ምክንያት ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ። ከዚያ በፊት ያለውን ቀን በዛሬው ሠንጠረዥ የሚመልስ ሰው አንድ ቀን ያተርፋል። መፈተኛው የሳምንቱ ቀን ነው፤ ማርች 2 ቀን 1896 ሰኞ ነበር።

ለውጭ አገር ሰው ስንጽፍ ደግሞ ሰዓቱም ይጨመርበታል። ለዋሽንግተን ሰው «ማመልከቻው እስከ ጥር 30 ቀን 2017፣ 12 ሰዓት ይግባ» ብንለው፣ ቀትር ይሁን እኩለ ሌሊት ግራ ይገባዋል። እኛ ያልነው የምሽቱን ነው። ከአማርኛው ጎን እንዲህ ቢጻፍ ግን ነገሩ ያልቃል፦

```
2025-02-07 18:00 UTC+3
```

ዓመቱ ይቀድማል፣ ወር ይከተላል፣ ሰዓቱ እስከ 24 ይቆጠራል። ሰውየው በክረምታቸው 8 ሰዓት ቀንሶ ከጠዋቱ 10፡00 መሆኑን ያገኛል። በበጋቸው ግን የሚቀንሰው 7 ነው፤ ሰዓታቸውን የሚያዛውሩት እነሱ እንጂ እኛ አይደለንማ! ስለዚህ ጸሐፊው የራሱን ሰዓት ከነልዩነቱ ይጻፍ፤ ስሌቱን ለተቀባዩ ይተውለት።